ስለ እውነተኛ ሰላምታ

በአዲስ አበባ ከተማ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ፣ የአንድ ሕንፃ ደጅ የሚጠብቁ ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ። በዚያው ሕንፃ የምትሠራ አንዲት ወጣት ጸሓፊ ጧት ጧት በደጁ ስታልፍ «እንደምን አደሩ፣ አባባ?» ትላቸው ነበር። እርሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አደርሽ፣ ልጄ?» ብለው ይመልሱላት ነበር። ሌሊቱ ቢበርዳቸውም፣ ወገባቸውን ቢያማቸውም፣ መልሳቸው ያው ነበረ። ልማድ መሆኑን እርሷም ታውቃለች፤ እርሳቸውም ያውቃሉ። ነገር ግን እርሷ ካለፈች በኋላ የሽማግሌው ፊት ይፈካ ነበር። ይህ ስለ ምን ሆነ?

ሰላምታ ጥያቄ ቢመስልም ወሬ ለማግኘት የሚነገር አይደለም። «ጤና ይስጥልኝ» የሚለውን ቃል መርምሩ። ጤናን የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ በቃሉ መጨረሻ ያለው «ልኝ» ግን «ለእኔ ብሎ» ማለት ነው። እንግዲህ ተናጋሪው የባልንጀራውን ጤና ለራሱ እንደሚደረግ በጎ ነገር አድርጎ ይለምናል። ሰላምታውን የተቀበለውም ሰው «አይተውኛል፤ ከሰው ቈጥረውኛል» ብሎ ደስ ይለዋል።

ይህንም ሊቃውንት በሥራ ፈትነውታል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ዓመተ ምሕረት የታተመ የጊሊያን ሳንድስትሮምና የኤልሳቤጥ ደን ጥናት አለ። ወደ ቡና ቤት የሚገቡትን ሰዎች በሁለት ከፈሏቸው። እኩሌቶቹን «የሻጩን ዓይን እያያችሁ፣ ፈገግ ብላችሁ፣ ጥቂት ተነጋገሩ» አሏቸው። የቀሩትን ግን «ገንዘባችሁን አዘጋጅታችሁ፣ ሳታወሩ ፈጥናችሁ ውጡ» አሏቸው። ከሻጩ ጋር የተነጋገሩት ከሌሎቹ ይልቅ ደስ ብሏቸው ወጡ።

አንድ ቀን ጸሓፊዋ ስለ ቸኰለች መሬት መሬት እያየች «እንደምን አደሩ» ብላ፣ መልሱን ሳትሰማ አለፈች። ቃሉ የትናንቱ ቃል ነበረ፤ የሽማግሌው ፊት ግን አልፈካም። እውነተኛው ሰላምታ የሚታወቀው በዚህ ነው፦ ሰላም የሚለው ሰው ፊት ለፊት ያያል፤ እግሩን ጥቂት ይገታል፤ መልሱንም ይጠብቃል።

በማግስቱ ጸሓፊዋ እንደ ቀድሞው ቆማ ሰላም አለቻቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ዝግ ያለ ነበረ። ይህን ቃል በየቀኑ ትሰማው ስለ ነበረ፣ መለወጡን ወዲያው ለየችው። ተመልሳም «ምነው፣ አባባ?» አለቻቸው። እርሳቸውም ሌሊቱን ሙሉ ሲያተኵሳቸው ማደሩን ነገሯት። ወዲያው ተተኪ ዘበኛ አስጠርታ ወደ ሐኪም እንዲሄዱ አደረገች።

ሰላምታ ትኵሳትን አያድንም። በልማድ የሚመለሰው መልስ የታመመው ሰው ችግሩን ሳይገልጥ እንዲያልፍ ይፈቅድለታል፤ ቆሞ የሚሰማ ሲያገኝ ግን ችግሩን የሚናገርበትን በር ይከፍትለታል።