ከሥዕል ሥር ስለሚጻፍ የንግድ ቃል፤ የመስመር አከፋፈልና የኢሞጂ አጠቃቀም

አንድ የደብረ ታቦር ነጋዴ ከፋርጣ የመጣለትን ድንች በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ በሚያወጣበት ጊዜ፣ ከሥዕሉ ሥር የሚጽፈው ቃል ተረጋግቶ የሚነበብ አይደለም። ገዢው ምናልባት ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ በመኪና ሲሄድ ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ የሚያየው ነው። ዋጋውንና የስልኩን ቁጥር በፍጥነት ካላገኘ ወደሚቀጥለው ሥዕል ያልፋል፤ ድንቹም በመጋዘን ውስጥ ማቆጥቆጥ ይጀምራል።

ለትምህርት ያህል የሚከተለውን ጽሑፍ መመልከት ይበቃል።

«ሰላም ውድ ደንበኞቻችን 🥔🥔🥔 ምርጥ የጉደኔ ድንች ከፋርጣ ገብቶልናል 🔥🔥 በብዛትም በችርቻሮም እንሸጣለን 💯 ኩንታሉ 3️⃣2️⃣0️⃣0️⃣ ብር ብቻ ሳያልቅ ፈጥነው ይደውሉ 📞👇👇»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን ዋጋው ከሰላምታውና ከምስጋናው በኋላ የመጣ ነው። ፌስቡክ ደግሞ ረዘም ያለውን ጽሑፍ ጥቂት መስመር ብቻ አሳይቶ የቀረውን ስለሚደብቅ፣ ገዢው ሊያየው የሚገባው ነገር ከተደበቀው ክፍል ውስጥ ሊቀር ይችላል። ይኸው ጽሑፍ ቢታረም እንዲህ ይሆናል።

🥔 ጉደኔ ድንች፣ ከፋርጣ
ኩንታሉ 3,200 ብር
ከ5 ኩንታል በላይ ለሚገዛ 3,100 ብር

ደብረ ታቦር፣ ከመናኸሪያው አጠገብ
እስከ ኅዳር 20 ይሸጣል
📞 ስልክ፦ (ቁጥሩ በተራ አኃዝ)

እዚህ ላይ እያንዳንዱ መስመር አንድ ነገር ብቻ ይዟል። መስመሩም አጭር ስለ ሆነ «3,200» ከሚለው አኃዝ ተለይቶ «ብር» ወደ ታች አይወርድም። አንዳንድ ሰዎች ግን ረዥሙን ዓረፍተ ነገር በራሳቸው ስልክ ስፋት ልክ መካከሉ ላይ ይሰብሩታል፤ ይህ ስሕተት ነው። የሌላው ሰው ስልክ ጠበብ ያለ እንደ ሆነ ወይም ፊደሉን አጉልቶ የሚያነብ እንደ ሆነ፣ አንዱ መስመር ሙሉ ሌላው አንድ ቃል ብቻ እየሆነ ይበታተናል። ስለዚህ መስመር መሰበር ያለበት ሐሳቡ በሚያልቅበት ስፍራ ነው። ባዶውም መስመር አንድ ብቻ ይበቃል፤ ሲበዛ ቦታውን ወስዶ ዋጋውን ወደ ታች ይገፋዋልና።

ኢሞጂን በተመለከተ፣ የቀድሞ የብራና ጸሐፊዎች ቀዩን ቀለም እንዴት ይጠቀሙበት እንደ ነበረ ማስታወስ ይጠቅማል። ቀዩ ቀለም አርእስቱንና የተከበረውን ስም ለዓይን ያመለክት ነበር እንጂ ገጹን ሁሉ አያለብስም ነበር። በመስመር መጀመሪያ የተቀመጠ አንድ ኢሞጂም እንዲሁ ዓይንን ይመራል፤ ቃሉን ግን ሊተካ አይችልም። ለምሳሌ 🌾 በስሙ የሩዝ ነዶ ነው፤ ለተመልካች ግን ስንዴ ይመስላል። ሩዝም ጤፍም በሚሸጥበት በፎገራ ገበያ ይህ ሥዕል ብቻውን ምን እንደሚሸጥ አይናገርም። የሽንኩርት ኢሞጂ 🧅 በ2019 እ.ኤ.አ. የተጨመረ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት በተሠሩና ባልታደሱ ስልኮች ላይ ባዶ ሣጥን ሆኖ ሊታይ ይችላል። ቴሌግራም የራሱን ሥዕሎች ይዞ ስለሚመጣ በዚያ ደኅና ይታይ ይሆናል፤ ያው ጽሑፍ በአጭር መልእክት ሲላክ ግን ሣጥኑ ይመጣል።

ከሁሉ ይልቅ ጉዳት የሚያመጣው አኃዝን በኢሞጂ መጻፍ ነው። 0️⃣9️⃣ ተብሎ በሣጥን የተጻፈ የስልክ ቁጥር ለዓይን ያምራል፤ ሆኖም በእያንዳንዱ አኃዝ ኋላ የማይታዩ ምልክቶች ስለሚከተሉ ስልኩ እንደ ቁጥር ላያውቀው ይችላል። ገዢው ቢነካው አይደወልም፤ ቢፈልገውም አያገኘውም። ስለዚህ ዋጋና ስልክ ምንጊዜም በተራ አኃዝ ይጻፋሉ። የቀን መቁጠሪያው ሥዕል 📅 ደግሞ በብዙ ስልኮች ላይ 17 ቁጥርን ያሳያል፤ ይኸውም በፈረንጆች አቆጣጠር የጁላይ 17 ቀን፣ በእኛ ሐምሌ 10 ማለት ነው። «እስከ ኅዳር 20» ከሚለው ጎን ቢቀመጥ ለአንባቢው ሁለት ቀን መስጠት ይሆናል።

ዓይናቸው የማያይ ደንበኞች ስልኩ ጽሑፉን በድምፅ ያነብላቸዋል። መሣሪያው የኢሞጂውን ስም እየጠራ ስለሚሄድ፣ ሦስት ድንች ተደርድሮ እንደ ሆነ «ድንች» የሚለውን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሊያሰማቸው ይችላል፤ በዓረፍተ ነገር መካከል ሲገባም ንግግሩን ይቆርጠዋል።

በሐዘን መግለጫ፣ በዋጋ ማቅረቢያ ደብዳቤ፣ በውልና ለተበደለ ደንበኛ በሚሰጥ መልስ ላይ ኢሞጂ ጨርሶ አይገባም። ዕቃው ተበላሽቶ የደረሰበት ሰው የሚፈልገው ገንዘቡ መቼ እንደሚመለስለት እንጂ የሚያለቅስ ፊት አይደለም። መስመርን መለየት ግን በዚያም ጽሑፍ ላይ ይጠቅማል፦ የደረሰው ጉዳት በአንድ መስመር፣ የሚመለሰው ገንዘብ በሁለተኛው፣ ቀኑ በሦስተኛው።

ነጋዴው ጽሑፉን ከማውጣቱ በፊት አሮጌ ስልክ ላለው ባልደረባው ይላክለት፤ ባልደረባውም ቁጥሩን ነክቶ ይደውል። ስልኩ ካልጠራ ጽሑፉ ገና አልታረመም።