ስለ ሰፈር ጽዳት ጥዋት ጥሪ

ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባለችው በዱርቤቴ፥ እንደ ሌላውም የምዕራብ ጎጃም አገር፥ ክረምቱ ሲወጣ ውሃው በየጉድጓዱ ይቀራል። በመስከረምና በጥቅምት የወባ ትንኝ እንቁላልዋን የምትጥለው በዚህ ውሃ ነው። ደጋው ለወባ አይመችም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን በ1951 ዓ.ም. መግቢያ (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1958) በኢትዮጵያ የተነሣው ወረርሽኝ ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ድረስ ባለው አገር ተዛምቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳመመ፥ 150 ሺሕ ያህሉንም ገደለ ተብሎ ተገምቷል። ስለዚህ የሰፈር ጽዳት ጥዋት የሚጠራበት ዋና ምክንያት ይህንን ውሃ ለማጥፋት ነው።

ጥሪው ሲጻፍ ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ የሚገናኙበትን ስፍራና የሚያዘውን መሣሪያ ይናገራል። ለምሳሌ ጥቅምት 6 ቀን ማክሰኞ ቢሆን እንዲህ ይጻፋል።

«የሰፈራችን አባቶች፥ እናቶች፥ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ማክሰኞ ጥቅምት 6 ቀን ከጥዋቱ በ1 ሰዓት በድልድዩ አጠገብ እንገናኝ። ሥራው በ3 ሰዓት ይፈጸማል። በመንገዱ በላይ ያሉ ቤቶች ዶማ፥ በታች ያሉ አካፋ፥ በወንዙ ዳር ያሉ ማጭድና ቅርጫት ይዘው ይምጡ። ቤት ያለው ሰው አንድ ነጭ ኩባያ ያምጣ። ይህ ሥራ ጥቅምት 13፥ 20 እና 26 ቀን ይደገማል።»

መሣሪያው ለየወገኑ የተከፈለው ስለ ምን ነው? እንዲሁ «መሣሪያ ይዛችሁ ኑ» ቢባል ሁሉም አካፋ ይዞ ይመጣና መሬቱን የሚቆፍርለት ያጣል። ሃያ ሰው ቢመጣ ስድስት ዶማ፥ ስድስት አካፋ፥ አራት ማጭድና አራት ቅርጫት ይበቃል። ቀኖቹም በየሰባቱ የተቈጠሩት የትንኝ እንቁላል ተፈልፍሎ፥ እጭ ሆኖ፥ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ድረስ በሞቃት ጊዜ አሥር ቀን ያህል ስለሚወስድ ነው። በየሳምንቱ ውሃው ቢጠፋ እጩ ሳይበር ይሞታል፤ አንድ ሳምንት ቢታለፍ ግን ዐሥራ አራት ቀን ይሆናልና የፊተኛው ድካም ከንቱ ይቀራል። የመጨረሻው ቀን 27 መሆኑ ቀርቶ 26 የሆነው በ27 የመድኃኔ ዓለም በዓል ስለ ሆነ መሬት የሚቆፍር ሰው አይገኝምና ነው። በዓል ሲገጥም ሥራውን በአንድ ቀን ማስቀደም እንጂ ለሚመጣው ሳምንት ማስተላለፍ አይገባም። የገበያ ቀንም እንዲሁ ይታሰብ።

በሥራው ላይ ብዙ ጊዜ የሚደረግ ስሕተት አለ። ሕዝቡ የሚሸተውን ቦይና የቆሻሻ ክምር አጽድቶ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል፤ ፀሐይ የሚያገኘውን፥ ንጹሕ የሚመስለውን ትንሽ ውሃ ግን ይተወዋል። የወባ ትንኝ የምትወደው ይህንኑ ነው። የከብት ኮቴ ያጎደጎደው፥ የመኪና ጎማ ያረሰው፥ ለቤት ምርጊት ጭቃ የተቆፈረበት ጉድጓድ ሁሉ ይመርመር። የጠገበ በሬ ኮቴ የሚያህል ውሃ ለብዙ እጭ ይበቃል።

ለመመርመር ነጩ ኩባያ ይጠቅማል። ሰውዬው ጥላው በውሃው ላይ እንዳያርፍ ሆኖ ይቅረብ፤ ጥላ ሲያይ እጩ ወደ ታች ይሰምጣል። ከዳር ቀስ ብሎ ይቅዳና ጥቂት ይታገሥ። ከውሃው ፊት በታች እንደ ስንጥር ተጋድሞ የሚታየው የወባ ትንኝ እጭ ነው፤ ራሱን ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የሌላው ትንኝ ነው።

ትንሹ ጉድጓድ በአፈር ተሞልቶ በእግር ይረገጥ። ትልቁ ውሃ በቦይ ይፈስሳል፤ ቦዩም ከታች፥ ውሃው ከሚወጣበት፥ ወደ ላይ ይቆፈር። ከላይ የጀመረ ሰው በውሃ ውስጥ ቆሞ ይለፋል፥ ቁልቁለቱንም ይስታል። የወጣው አፈር ከቦዩ አፍ አንድ እርምጃ ይራቅ፤ አለዚያ የሚቀጥለው ዝናብ መልሶ ይደፍነዋል። በቦዩ ውስጥ የተጣለ ላስቲክና ሣር ውሃውን እንደ ግድብ ያቆመዋልና በማጭድ ታጭዶ፥ በቅርጫት ተለቅሞ፥ ከምንጭ ራቅ ባለ ጉድጓድ ይቀበር። ሰው የሚጠጣው ምንጭ ግን አይደፈንም፤ ትርፉ ውሃ ብቻ መሄጃ ይበጅለት።

ሰፊ ረግረግና የወንዝ ዳር በሃያ ሰው ዶማ አያልቅም። በዚያ አጠገብ የሚኖር ሰው በአጎበር ይተኛ፤ ትኩሳት የያዘውም በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ሄዶ ደሙን ያስመርምር። ከሥራው በኋላ በሁለተኛው ቀን ሁለት ተማሪዎች ኩባያውን ይዘው የተደፈኑትን ስፍራዎች ይዙሩ፤ ውሃ ያገኙበትንም ጽፈው ለሚቀጥለው ማክሰኞ ያቆዩ።