ሌባው ትእዛዙን ጽፎ ይተዋል

ዛሬ ማታ አሥር ደቂቃ አለዎት? እንግዲያው ኮምፒውተርዎን ይክፈቱ። የኢሜይል ሌባ እጅ ከፍንጅ የሚያዝበት ገጽ አለ። የኮምፒውተር ባለሙያ መሆን አይጠበቅብዎትም፤ ማንበብ ከቻሉ ይበቃል።

እንበል ከቻይና የመኪና መለዋወጫ ያስመጣሉ። ከአቅራቢው ጋር የሚጻጻፉት በጂሜይል ነው። ፕሮፎርማው ደርሷል፤ ባንክ ሄደው ገንዘቡን በቲቲ ለመላክ የመጨረሻውን ኢንቮይስ ብቻ ይጠብቃሉ። ሰኞ ጻፉ፤ መልስ የለም። ማክሰኞም የለም። ረቡዕ ሲደውሉ ሰውየው «ሰኞ ዕለት መልሼልዎታለሁ እኮ!» ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ኔትወርክ ይሆናል» ብሎ ያልፋል። እርስዎ አይለፉት! የሌላው ሰው ኢሜይል ሁሉ እየገባ የአንድ ሰው ብቻ ከጠፋ ጥፋቱ የኔትወርክ አይደለም።

መጀመሪያ በጂሜይል መፈለጊያው ላይ የአቅራቢውን አድራሻ ይጻፉ። መልሱ "All Mail" ውስጥ፣ ያውም እንደተነበበ ሆኖ ከተገኘ፣ ፍንጩን ይዘዋል ማለት ነው። ከዚያ ከላይ በቀኝ ያለችውን የጥርሳማ መዘውር ምልክት ተጭነው "See all settings"፣ ቀጥሎም "Filters and Blocked Addresses" የሚለውን ይክፈቱ። በስልክዎ የጂሜይል አፕ ይህን ገጽ አያገኙትም፤ ሌባውን ለረጅም ጊዜ የሚደብቀውም አንዱ ይህ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሊያዩ ይችላሉ፦

```
Matches: from:(sales@supplier.example)
Do this: Skip Inbox, Mark as read, Forward to x@mail.example
```

ይህን እርስዎ አልጻፉትም። ሌባው ከሳምንታት በፊት በሐሰተኛ የመግቢያ ገጽ የይለፍ ቃልዎን ወስዶ ገባና ይህቺን መስመር ተክሎ ወጣ። የይለፍ ቃሉን አልቀየረም፤ ቢቀይር ኖሮ ያን ዕለት ይነቁበት ነበር። ትእዛዙ ግልጽ ነው፦ ከአቅራቢው የሚመጣው ወደ ገቢ ሳጥን አይግባ፣ እንደተነበበ ይቆጠር፣ አንድ ቅጂ ለእኔ ይላክ። አሁን እውነተኛው ኢንቮይስ በእጁ ነው። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ይቀይርና በአንድ ፊደል ብቻ ከሚለይ አድራሻ ይልክልዎታል። አድራሻው የተለየ ስለሆነ ያኛው ፊልተር አይነካውም፤ ፊት ለፊትዎ ይመጣል። ተንኮሉ የረቀቀ ነው፤ የተንኮሉ ሁሉ መሠረት ግን በአንድ ጠቅታ የሚጠፋ መስመር መሆኑን ልብ ይበሉ!

አውትሉክ ለሚጠቀሙ፣ እዚያ "Rules" ይባላል። ሌቦች ብዙ ጊዜ ስሙን አንዲት ነጥብ ብቻ አድርገው ደብዳቤውን ማንም ወደማይከፍተው "RSS Feeds" ፎልደር ያሻግሩታል። ስም የሌለው የሚመስል ደንብ ካዩ አይናቁት።

ሰው ሁሉ ሲደናገጥ የሚቸኩለው የይለፍ ቃል ለመቀየር ነው። ይቀይሩ፤ ግን በዚያ ብቻ አይቁሙ። ፊልተሩ የሚሠራው በጉግል ሰርቨር ላይ ስለሆነ የይለፍ ቃል ቢቀየርም አይቆምም። ሌባው ተመልሶ መግባት እንኳ ሳያስፈልገው ደብዳቤዎን መቀበሉን ይቀጥላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ገጹን ፎቶ ያንሱ፤ የሌባው አድራሻ ማስረጃ ነው። ከዚያ በሚያምኑት ኮምፒውተር የይለፍ ቃሉን ቀይረው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ያብሩ፤ ፊልተሩን ያጥፉ፤ "Forwarding and POP/IMAP" በሚለው ገጽ የማያውቁት አድራሻ ካለ ያስወግዱ። መልሶ ማግኛ ስልክና ኢሜይልዎም የራስዎ መሆኑን ይዩ። ከገቢ ሳጥኑ ግርጌ በቀኝ "Details" የሚል ጽሑፍ አለ፤ ሰሞኑን ከየትና በምን እንደተገባ ያሳያል። የከተማውን ስም ግን ብዙ አይመኑት። የሞባይል ኢንተርኔት ሐዋሳ ያለውን ሰው አዲስ አበባ ሊያስመስለው ይችላል። እርስዎ የሌለዎት መሣሪያ ወይም ያልሄዱበት አገር ከታየ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

የፊልተር ገጹ ባዶ ሆኖ ቢያገኙትስ? ደስ ይላል፤ ነገር ግን ፈቃድ የተሰጠው አፕም ያለ ምንም ፊልተር ደብዳቤ ማንበብ ይችላል። በጉግል አካውንትዎ የደኅንነት ገጽ ላይ የተዘረዘሩትን አፖች አይተው የማያውቁትን ያባርሩ። የተጠለፈው አቅራቢው ሊሆንም ይችላል፤ በዚያን ጊዜ በእርስዎ በኩል ምንም አይገኝም። የሒሳብ ቁጥር ተቀየረ ከተባለ በኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ድሮ በሚያውቁት ቁጥር ይደውሉ።

ገንዘቡ ወጥቶ ከሆነም እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡ። ፎቶውንና ሁለቱን ኢንቮይሶች ይዘው ዛሬውኑ ባንክዎ ይሂዱ፤ ክፍያው እንዲመለስ ለተቀባዩ ባንክ መልእክት እንዲላክ በጽሑፍ ይጠይቁ። ተቀባዩ ገንዘቡን ካላወጣው የማስቆም ዕድል አለ።