ፌንታኒል ፓች፦ የት ይለጠፋል፣ ለምን አይሞቅም፣ ሲነሳስ የት ይጣላል?

ቆዳ ላይ የሚለጠፉ መድኃኒቶች (ፓች የምንላቸው) ብዙ ዓይነት ናቸው። ዛሬ የማወራው ስለ አንዱ ብቻ ነው፤ አጠቃቀሙ ላይ ትንሽ ስህተት የማይችለው እሱ ስለሆነ። ፌንታኒል ይባላል። ከሞርፊን ቤተሰብ የሆነ በጣም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ሲሆን፣ በተለይ ለካንሰር ሕመም፣ አስቀድሞ ሞርፊን ወይም መሰሉን በየቀኑ ሲወስድ ለቆየ ሰው ይታዘዛል። ሞርፊን ለምዶ ለማያውቅ ሰው መነሻ ሆኖ አይሰጥም። "ለእናቴ ጠቅሟታል፣ ወገብህን ካመመህ አንድ ልስጥህ" የሚባል ነገር አይደለም።

አንደኛው ግራ መጋባት ስሙ ላይ ይጀምራል። ፕላስተር ስለሚመስል ሰው ያመመው ቦታ ላይ ይለጥፈዋል፤ ጉልበት ካመመ ጉልበት ላይ። ፌንታኒል ግን እንደዚያ አይሠራም። መድኃኒቱ ከፓቹ ወጥቶ ቆዳ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል፣ ሕመሙንም የሚያስታግሰው በደም በኩል ነው። ስለዚህ ሕመሙ የትም ይሁን የት፣ ፓቹ የሚለጠፈው ጠፍጣፋ፣ ቁስልና ሽፍታ የሌለበት ቦታ ላይ ነው፦ ደረት፣ ጀርባ፣ የክንድ የላይኛው ክፍል ወይም ጎን። የሚዘነጋ ወይም ግራ የሚጋባ ሰው ከሆነ እጁ የማይደርስበት የላይኛው ጀርባ ይሻላል፣ ራሱ እንዳይነቅለው።

ቦታው በንጹህ ውሃ ብቻ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ። ሳሙና፣ ቅባት፣ ቫዝሊን፣ አልኮል አይነካው፤ የመድኃኒቱን አገባብ ይለውጣሉ፣ ወይም ፓቹ እንዳይጣበቅ ያደርጋሉ። ፀጉር ካለ በመቀስ ይከርከም እንጂ በምላጭ አይላጭ፣ የተላጨ ቆዳ ይቆስላልና። ፓቹን ለጥፋችሁ በመዳፋችሁ 30 ሰከንድ ያህል ተጫኑት። "ግማሹ ይበቃል" ብሎ በመቀስ መቁረጥ አይቻልም።

ከዚያ ጊዜው። አብዛኛው ሰው በየ72 ሰዓቱ ይቀይራል። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከተለጠፈ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይነሳል። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተለጠፈበትን ቦታ ስልካችሁ ላይ ጻፉት፤ "ግራ ደረት፣ ሰኞ" ይበቃል። አዲሱ ከመለጠፉ በፊት አሮጌው ይነሳ። አዲሱ ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ነው የሚሆነው፦ ግራ ደረት፣ ቀጥሎ ቀኝ ክንድ፣ ቀጥሎ ጀርባ። ወደ መጀመሪያው ቦታ ከመመለስ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት ይለፍ። ይህ የሆነው አንድም ቆዳው እንዳይቆጣ ነው፤ ዋናው ግን አሮጌው ቦታ ሥር ያልተመጠጠ መድኃኒት ስለሚቀር ነው። እዚያው ላይ አዲስ ብትደርቡበት ምን ያህል እየገባ እንደሆነ አይታወቅም።

አሁን አንድ ጉዳይ እንከተል። አንዲት የ70 ዓመት እናት ካንሰሩ አጥንታቸው ላይ ደርሷል እንበል። በሰዓት 25 ማይክሮግራም የሚሰጥ ፓች ተለጥፎላቸው ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ማታ "ጀርባዬን በረደኝ፣ ያመኛልም" አሉ። ልጃቸው ሃይላንድ ላይ ፍል ውሃ ሞልታ፣ በፎጣ ጠቅልላ ጀርባቸው ሥር አደረገችላቸው። ፓቹ ያለው እዚያው ነው። ሙቀት ቆዳ ውስጥ ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፣ ከፓቹ የሚወጣውንም መድኃኒት ያፋጥናል። ስለዚህ በሰዓት 25 ይሰጥ የነበረው ፓች አሁን ከዚያ በላይ እየሰጠ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ሞቆአቸው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ቤተሰቡ "ዛሬስ በሰላም ተኙ" ይላል። ጠዋት ግን ሲጠሩ አይመልሱም፣ ያንኮራፋሉ፣ ከንፈራቸው ጠቆር ብሏል።

እንዲህ ያለውን ከተለመደ እንቅልፍ የሚለየው ቀላል ነገር ነው። ሰዓት ይዛችሁ ደረታቸው በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ ከፍ እንደሚል ቁጠሩ። አዋቂ ሰው ሲያርፍ ከ12 እስከ 20 ይተነፍሳል። 7 ወይም 8 ከሆነ፣ ከዚያ ጋር የዓይናቸው ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ መድኃኒቱ በዝቶባቸዋል። ቁጥሩ ደህና ቢመስልም ሲነቀነቁ የማይነቁ ከሆነ መጠበቅ የለም። ፍል ውሃው ይነሳ፣ ፓቹ ይነቀል፣ ሰውነታቸው በሙሉ ይታይ፤ ከዚያ በፊት የተለጠፈ ሌላ ፓች ትከሻ ላይ ተረስቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። 907 ይደወል ወይም ባለው መኪና ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፣ የተነቀለውም ፓች አብሮ ይሂድ። ሐኪሙ ናሎክሶን የተባለ ማርከሻ ሊሰጥ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፓቹ ተነቅሎ ሰውየው ትንሽ ነቃ ሲል "አሁን ተሽሎታል" ይባላል። ቆዳ ውስጥ የተጠራቀመው ግን መግባቱን አያቆምም። ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ እንኳ ከ17 ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል፣ ናሎክሶን ደግሞ የሚሠራው ለአጭር ጊዜ ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ቀን በሐኪም ዓይን ሥር መቆየት አለባቸው።

ሙቀት ሲባል ሃይላንዱ ብቻ አይደለም። የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስና ትራስ፣ ሳውናና ስቲም፣ ፍልውሃ መዘፍዘፍ፣ ወይባ መሞቅ፣ ፓቹ ላይ በቀጥታ የሚያርፍ ፀሐይ ሁሉ ያው ነው። ለብ ባለ ውሃ ሻወር መውሰድ ይቻላል። ትኩሳትም ከውስጥ የሚመጣ ሙቀት ነው፤ ፓች ያለበት ሰው ካተኮሰው ሐኪሙ ይነገረው፣ መጠኑ መቀነስ ሊያስፈልግ ይችላል። በርዶኛል ላሉት እናት ካልሲ፣ ጋቢ፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይበቃል። ሕመሙ ካልታገሠላቸው ደግሞ መልሱ ያለው ሐኪሙ ጋ ነው።

በመጨረሻ የተነሳው ፓች። "ሦስት ቀን ሠርቷል፣ አልቋል" የሚለው እውነት አይደለም። እንቁጠረው፦ በሰዓት 25 ማይክሮግራም ለ72 ሰዓት ማለት 1.8 ሚሊግራም ነው። አንዳንዱ የዚህ መጠን ፓች ሲሠራ ግን 4.2 ሚሊግራም ይይዛል። ስለዚህ ከቆዳ ሲነሳ 2.4 ያህሉ፣ ማለትም ከግማሽ በላይ፣ አሁንም እላዩ ላይ አለ። ለልጅ ይህ ገዳይ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2012 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ በ15 ዓመት ውስጥ ፌንታኒል ፓች በድንገት ካገኛቸው 26 ልጆች 10ሩ ሞተዋል፤ 16ቱ ዕድሜያቸው ሁለት ዓመትና ከዚያ በታች ነበር። ልጅ ከቅርጫት አንስቶ አፉ ውስጥ ይከተዋል፣ ወይም እንደ ስቲከር እጁ ላይ ይለጥፈዋል። አያት አቅፋው ስትተኛ ከእሷ ቆዳ ለቅቆ እሱ ላይ የሚጣበቅበትም ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ጠርዙ ከተላቀቀ ዙሪያውን በሕክምና ፕላስተር ያዙት፣ ጨርሶ ከወደቀ ደግሞ ፈልጋችሁ አግኙት።

ፓቹን ስታነሱ የሚጣበቀው ፊት ወደ ውስጥ ሆኖ እርስ በርሱ እንዲጣበቅ ለሁለት እጠፉት። ያዘዘላችሁ ሆስፒታል ፋርማሲ የሚቀበል ከሆነ መልሱለት። ካልሆነ ወዲያው ሽንት ቤት ውስጥ ጣሉትና ውሃ ልቀቁበት። ሌላውን መድኃኒት ሽንት ቤት አትጣሉ እንላለን፣ ለፌንታኒል ግን ይኸው ባለሥልጣን ራሱ የሚመክረው ይህንን ነው። ማሸጊያውን ቆሻሻ ውስጥ መጣል ትችላላችሁ። ፓቹን ግን የቤት ቅርጫት ውስጥም ሆነ በር ላይ በሚቀመጥ ማዳበሪያ ውስጥ አትጨምሩት፤ ማዳበሪያውን ልጅም ውሻም ይከፍተዋል፣ ቆሻሻ የሚለይ ሰውም በባዶ እጁ ይነካዋል። እጃችሁን በውሃ ብቻ ታጠቡ፣ ሳሙናው ይቅር። ሕመምተኛው ካረፈ ወይም መድኃኒቱ ከተቀየረ በኋላ መሳቢያ ውስጥ የቀሩ ያልተከፈቱ ፓቾችም በዚያው መንገድ ይወገዱ።