አንተ፣ አንቱ እና እርስዎ

ልጆች ሆይ፤ በግዕዝ ቋንቋ አንድን ወንድ የሚጠሩበት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «አንተ» ነው። ንጉሥ ቢሆን፣ አገልጋይ ቢሆን፣ ሽማግሌ ቢሆን፣ ሕፃን ቢሆን፣ ግዕዝ «አንተ» ይለዋል። ሴትን «አንቲ»፣ ብዙ ወንዶችን «አንትሙ»፣ ብዙ ሴቶችን «አንትን» ይላል። ስለዚህ ካህናት በቅዳሴ ጊዜ እግዚአብሔርን «አንተ» ብለው ሲጠሩት ክብሩን ማጉደላቸው አይደለም፤ ቋንቋው ሌላ ቃል ስለሌለው ነው። ይህ ልማድ ወደ ዐማርኛ ጸሎትም አልፏል። ዛሬም በዐማርኛ የሚጸልይ ሰው ፈጣሪውን «አንተ» ይለዋል እንጂ «እርስዎ» አይለውም።

ለሰው ግን ዐማርኛ ከግዕዝ ይለያል። ለእኩያ ወይም ለታናሽ ወንድ «አንተ»፣ ለሴት «አንቺ» እንላለን። ለታላቅ፣ ለማናውቀው ሰው፣ ለባለ ማዕርግ «እርስዎ» ወይም «አንቱ» እንላለን። «እርስዎ» በጽሕፈትና በአዲስ አበባ ይበዛል፤ «አንቱ» በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ገጠር ይሰማል። ሁለቱም ወንድና ሴትን አይለዩም፤ አያትም እናትም፣ አባትም መምህርም በአንድ ቃል ይጠሩበታል። ዕድሜ ብቻውን ግን አይወስንም። በዕድሜ የገፋው ሽማግሌ ወጣቱን ቄስ «አንቱ» ይላቸዋል፤ ክብሩ ለክህነቱ ነውና። እጅግ የታወቀን ሊቅም ሰዎች «አንቱ የተባለ ሊቅ» ይሉታል። ቃሉ ራሱ የክብር ስም ሆኗል ማለት ነው።

ሊቃውንት እንደሚያስረዱት «እርሱ»፣ «እርሷ»፣ «እርሳቸው»፣ «እርስዎ» የሚሉት ቃላት ሁሉ «ርእስ» ከሚለው የግዕዝ ቃል የወጡ ናቸው። ርእስ ማለት ራስ ነው። ስለዚህ «እርስዎ» የሚል ሰው በጥንቱ ትርጕም «ራስዎ» ማለቱ ነው። የትግርኛ ተናጋሪም «ንስኻ» ሲል በጥንቱ ትርጕም «ነፍስህ» ማለቱ ነው።

አሁን ልብ ብላችሁ አስተውሉ። ክብር በቃሉ ብቻ አይቆምም፤ በግሱም፣ በስሙም መጨረሻ ይገለጣል። ለእኩያችን «መጣህ፣ ትመጣለህ፣ ና፣ ቤትህ፣ አየሁህ» እንላለን። ለታላቃችን «መጡ፣ ይመጣሉ፣ ይምጡ፣ ቤትዎ፣ አየሁዎ» እንላለን። እንግዲህ «መጡ» እና «ይመጣሉ» የሚሉት ቃላት ስለ ብዙ ሰዎችም የሚነገሩ ናቸው። «እንግዶቹ መጡ» እንላለን፤ «እርስዎ መጡ» እንላለን፤ በፊታችን ስለሌሉት ታላቅም «እርሳቸው መጡ» እንላለን። አንድ ግስ ሦስት አገልግሎት አለው። ዐማርኛ ደግሞ «እርስዎ» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ትቶ ግሱን ብቻ ይናገራል። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይህን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ተማሪ በሞጣ ከየኔታ ዘንድ ንባብ ተምሮ ወደ ቢቸና ሄደ እንበል። ከቢቸናም እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ይድረስ ለየኔታ። እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደኅና ነኝ። መጽሐፍህን በደኅና ጠብቄዋለሁ። ሁለቱ ወንድሞቼ ሞጣ ናቸው። ለፋሲካ ወደ ቢቸና ይመጣሉ ወይ? የምትመጣ ከሆነ በቅሎ እልካለሁ።»

ይህ ደብዳቤ በክብር ጀምሮ በመካከሉ ክብርን ጣለ። «ሰነበቱ» ያለውን ሰው መልሶ «መጽሐፍህ» እና «የምትመጣ» አለው። ይህን ያነበበ መምህር ተማሪው ሳያስብ ጻፈ ይላል፤ ወይም ናቀኝ ብሎ ያዝናል። አንዱ ቃል በክብር ከተነገረ የቀሩትም ሁሉ ሊከተሉት ይገባል።

ስለዚህ ተማሪው «መጽሐፍህን» የሚለውን «መጽሐፍዎን» ብሎ አረመው፤ «የምትመጣ ከሆነ» የሚለውንም «የሚመጡ ከሆነ» አለው። ክብሩ ተስተካከለ። ነገር ግን ሌላ ችግር ተወለደ። «ሁለቱ ወንድሞቼ ሞጣ ናቸው። ለፋሲካ ወደ ቢቸና ይመጣሉ ወይ? የሚመጡ ከሆነ በቅሎ እልካለሁ» የሚለውን የሚያነብ ሰው፣ የሚመጡት እነማን ናቸው ብሎ ይጠይቃል። ወንድሞቹ ናቸውን? ወይስ የኔታ ናቸው? የኔታ ጥያቄው ስለ ወንድሞቹ ነው ብለው ካሰቡ ስለ ራሳቸው አይመልሱም፤ በቅሎውም ሳይላክ ይቀራል።

ታዲያ በምን ይለያል? በዐማርኛ «ዎ» የምትለው መጨረሻ የምትነገረው ፊት ለፊት ለምናነጋግረው ታላቅ ብቻ ነው። «ቤትዎ» ያልን እንደ ሆነ የምናነጋግረው ሰው ቤት ነው፤ «ቤታቸው» ያልን እንደ ሆነ የሌላ ሰው ወይም የሌሎች ሰዎች ቤት ነው። እንዲሁም «እንደምን ነዎት?» ለሚሰማን፣ «እንደምን ናቸው?» ለሌላው ነው። ስለዚህ ግሱ ሲያሻማ «እርስዎ» የሚለውን ቃል፣ ወይም «ዎ» ያለበትን ቃል መጨመር ይገባል። ተማሪውም በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ይድረስ ለየኔታ። እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደኅና ነኝ። መጽሐፍዎን በደኅና ጠብቄዋለሁ። ሁለቱ ወንድሞቼ ሞጣ ናቸው። እርስዎስ ለፋሲካ ወደ ቢቸና ይመጣሉ ወይ? የሚመጡ ከሆነ በቅሎ እልክልዎታለሁ።»

አሁን ክብሩም አልጐደለም፤ ነገሩም አልተሻማም። «እርስዎስ» እና «እልክልዎታለሁ» የሚሉት ሁለት ቃላት በቅሎው ለማን እንደ ሆነ ገለጡ። ስለ ወንድሞቹ ቢሆን ኖሮ «እልክላቸዋለሁ» ይል ነበር።

አንዱን ሰው በብዙ ቍጥር ማክበር የእኛ ልማድ ብቻ አይደለም። የትግርኛ ተናጋሪ ታላቁን «ንስኹም» ይለዋል፤ ይኸውም «እናንተ» ማለት ነው። የኦሮሞ ሰው ለእኩያው «አቲ»፣ ለታላቁ «ኢሲን» ይላል፤ ኢሲን ደግሞ «እናንተ» ማለት ነው። ፈረንሳዊም ለወዳጁ «ቱ»፣ ለታላቁ «ቩ» ይላል፤ ቩም «እናንተ» ነው። ለእኛ ይልቅ የሚቀርበው ጀርመንኛ ነው። ጀርመናዊ ለታላቁ «ዚ» ይላል፤ ይህ ቃል «እነርሱ» ከሚለው ቃላቸው ጋር አንድ ነው፤ ግሱም እንደ እኛ የእነርሱ ግስ ነው። እንዳይሻማም ሲጽፉ የክብሩን ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምሩታል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው «እርስዎ» እና «ዎ» ይህን ሥራ ይሠሩልናል።

እንግሊዞች ግን በሌላ መንገድ ሄዱ። በጥንት ዘመን ለአንድ ሰው «ዛው»፣ ለብዙዎችና ለታላቅ «ዩ» ይሉ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት ኩዌከር የተባሉ ክርስቲያኖች ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ዳኛውንም ባለጠጋውንም «ዛው» ይሉ ጀመር፤ ብዙ ሰውም ስለዚህ ተቈጣቸው። የቀረው ሕዝብ ግን ሁሉንም በክብሩ ቃል በ«ዩ» መጥራትን መረጠ። ከዚያ ወዲህ «ዛው» ከተራ ንግግር እየጠፋ ሄደ፤ በጸሎትና በድሮ መጻሕፍት ግን ቀረ። ዛሬ እንግሊዛዊ ንጉሡንም ውሻውንም «ዩ» ይላል፤ ክብርን የሚገልጠው በማዕርግ ስምና በሌላ ቃል ነው።

ጥያቄ።
1ኛ፤ «ደብዳቤዎ ደረሰኝ» እና «ደብዳቤያቸው ደረሰኝ» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2ኛ፤ «አባባ፣ እንጀራ ቀርቧል፤ ና ብላ» የሚለውን በክብር ጻፉ።
3ኛ፤ «እማማና አክስቴ ገበያ ናቸው፤ መቼ ይመለሳሉ?» ብሎ ልጅ አያቱን ቢጠይቅ፣ የሚመለሱት እነማን ናቸው? ጥያቄው ስለ አያቱ ከሆነ ምን ቃል መጨመር ይገባዋል?