ሰርተፍኬት ማሳየት ብቻውን ማንነትን አያረጋግጥም፦ የቲኤልኤስ መጨባበጥ

ኮሌጅ ፓርክ፣ ከአትላንታ አየር ማረፊያ አጠገብ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ተቀምጣችሁ በክፍት ዋይፋይ አማርኛ ውክፔዲያን ልታስተካክሉ ነው እንበል። am.wikipedia.org ብላችሁ ከፈታችሁ በኋላ የይለፍ ቃላችሁን ታስገባላችሁ። የዋይፋዩን ራውተር የሚቆጣጠረው ሰው የሚያልፈውን ሁሉ ማየት ብቻ ሳይሆን መለወጥም ይችላል። ታዲያ የይለፍ ቃሉ እሱ እጅ የማይገባው ለምንድን ነው? በ2018 የወጣውን ቲኤልኤስ 1.3ን ይዘን እንየው።

መጀመሪያ ብራውዘሩና ሰርቨሩ ማንም የማያውቀው የጋራ ምስጢር ያበጃሉ። ሁለቱም በይፋ የሚታወቁ ሁለት ቁጥሮች አሏቸው፤ ለምሳሌ 5 እና 23። ብራውዘሩ በልቡ 7ን፣ ሰርቨሩ ደግሞ 3ን ይመርጣል። እነዚህን ለማንም አይናገሩም። የሚላላኩት የስሌታቸውን ውጤት ብቻ ነው።

```
5^7 mod 23 = 17    (ብራውዘሩ የሚልከው)
5^3 mod 23 = 10    (ሰርቨሩ የሚልከው)
10^7 mod 23 = 14   (ብራውዘሩ የሚያገኘው)
17^3 mod 23 = 14   (ሰርቨሩ የሚያገኘው)
```

እዚህ ላይ mod ማለት ለ23 ሲካፈል የሚተርፈው ነው። ሁለቱም 14 ላይ ደረሱ፤ 14 ግን በመስመሩ ላይ አላለፈም። በእንዲህ ያሉ ትንንሽ ቁጥሮች ሁሉንም ሞክሮ 7ን ማግኘት ቀላል ነው። በእውነተኛው ሥራ ላይ ግን ቁጥሮቹ እጅግ ግዙፍ ስለሆኑ ከ17 ወደ 7 የሚመልስ ተግባራዊ መንገድ የለም።

ብዙ ሰው ማብራሪያውን እዚህ ላይ ያቆማል፤ ዋናው ችግር ግን ገና አልተነካም። ብራውዘሩ ምስጢር እንደተጋራ ያውቃል፣ ከማን ጋር እንደተጋራ ግን አያውቅም። የራውተሩ ባለቤት መሐል ገብቶ 17ንም 10ንም በራሱ ቁጥሮች ቢተካ፣ ከእናንተ ጋር አንድ ምስጢር፣ ከውክፔዲያ ጋር ሌላ ምስጢር ይኖረዋል። ከዚያ ሁሉንም እያነበበ ያስተላልፋል።

ስለዚህ ሰርቨሩ ሰርተፍኬት ይልካል። በውስጡ የድረ ገጹ ስም፣ የሰርቨሩ ይፋዊ ቁልፍ፣ የሚያገለግልበት ጊዜ፣ እንዲሁም የሰጪው ድርጅት ፊርማ አለ። ብራውዘሩ ፊርማው ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ አስቀድሞ ወደሚያምነው ድርጅት የሚያደርስ መሆኑን፣ ስሙን እና ቀኑን ይመረምራል። የውክፔዲያ ሰርተፍኬት *.wikipedia.org የሚል ስም ስለያዘ የአማርኛውንም ይሸፍናል።

ነገር ግን ሰርተፍኬት ይፋዊ ሰነድ ነው። መሐል ያለው ሰውዬም ከእውነተኛው ሰርቨር ወስዶ እንዳለ ሊያሳያችሁ ይችላል። መታወቂያ ማሳየትና የመታወቂያው ባለቤት መሆን ይለያያሉ። ለዚህ ነው ሰርቨሩ ከሰርተፍኬቱ ቀጥሎ ፊርማ የሚያስከትለው፤ እስከዚያች ደቂቃ የተላላኩትን መልእክት ሁሉ፣ 17ን እና 10ን ጨምሮ፣ በሃሽ አሳጥሮ ከሰርተፍኬቱ ጋር በሚጣመረው የግል ቁልፉ ይፈርማል። ሰውዬው 10ን ለውጦ ከሆነ ብራውዘሩ ያየውና ሰርቨሩ የፈረመበት አንድ አይሆኑም። አዲስ ፊርማ እንዳይፈርም ደግሞ የግል ቁልፉ የለውም። ግንኙነቱ የይለፍ ቃሉ ሳይላክ ይቋረጣል።

ካለፈ በኋላ ከ14 እና ከመልእክቶቹ ሃሽ የክፍለ ጊዜው ቁልፎች ይወጣሉ፤ ለመላኪያ አንድ፣ ለመቀበያ ሌላ። 7 እና 3 ይጣላሉ። በዚህም የተነሣ ዛሬ የተቀዳ ግንኙነት፣ የሰርቨሩ የግል ቁልፍ ነገ ቢሰረቅ እንኳ አይፈታም። ቀድሞ ምስጢሩን በሰርቨሩ ይፋዊ ቁልፍ ቆልፎ የመላክ ዘዴ ነበር፤ ይህን ጥበቃ ስለማይሰጥ 1.3 አስወጥቶታል።

ሂደቱን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ፦

```
openssl s_client -connect am.wikipedia.org:443 -servername am.wikipedia.org
```

ከውጤቱ መካከል `Verify return code: 0 (ok)` የሚለውን ፈልጉ። እሱ የሰርተፍኬቱ ሰንሰለትና ቀን ትክክል መሆኑን ይነግራችኋል። ስሙንም እንዲመረምር `-verify_hostname am.wikipedia.org` መጨመር አለባችሁ፤ ብራውዘር ይህንን ሳትጠይቁት ያደርገዋል።

በእኛ ዘንድ አንድ ለየት ያለ ብልሽት አለ። ስልካቸውን በእጅ ሲያስተካክሉ ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞሉ አሉ። ስልኩ ያንን እንደ ፈረንጅ ዓመት ስለሚቆጥረው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሰርተፍኬቶች ሁሉ ገና ያልተሰጡ ይመስሉታል። ክሮም ላይ `NET::ERR_CERT_DATE_INVALID` በአንድ ገጽ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ገጾች ከመጣ፣ መጀመሪያ ዓመቱን እዩ። በአንድ ገጽ ብቻ ከመጣ ግን ጥፋቱ የገጹ ሊሆን ይችላል።

መጨባበጡ የሚያረጋግጠው ስሙን ብቻ መሆኑንም ልብ በሉ። አንድ ፊደል ቀይሮ ተመሳሳይ ስም ያስመዘገበ አጭበርባሪ ለዚያ ስም ትክክለኛ ሰርተፍኬት ያገኛል፣ የቁልፉ ምልክትም ይታያል። ቲኤልኤስ እዚያ ላይ ስህተት አልሠራም፤ የጻፋችሁት አድራሻ ጋ አድርሷችኋል።