ከሊስቱ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ሊስቱ፦ በሌለ ሠራተኛ ስም የሚወጣ ደመወዝ እንዴት ይያዛል?

ሰንጋ ተራ ዛሬ የባንክ ዋና መሥሪያ ቤቶች የተደረደሩበት ሰፈር ነው። ሕንፃዎቹን የሚጠብቁትና የሚያጸዱት ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የባንኮቹ ቅጥረኞች አይደሉም፤ በኤጀንሲ በኩል የገቡ ናቸው። የኤጀንሲው ሠራተኛ በየሕንፃው ተበትኖ፣ በቀንና በሌሊት ፈረቃ ተከፍሎ ይሠራል፤ ደመወዙ ግን ራቅ ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ ይዘጋጃል። ፔሮሉን የሚሠራው የሒሳብ ሠራተኛ ጥበቃዎቹን በመልክ አያውቃቸውም፤ በመልክ የሚያውቃቸው የሳይት ተቆጣጣሪ ደግሞ ፔሮሉን አያይም። በሌለ ሰው ስም ደመወዝ የሚወጣው በዚህ ክፍተት ነው። ስለዚህ ኦዲተሩ የሚሠራው ሰው ቆጥሮ ድምሩን ማስታረቅ አይደለም። ከተለያየ እጅ የወጡ መረጃዎችን ስም በስም ማፋጠጥ ነው። ድምር ብቻውን እንዴት እንደሚያታልል ወደ ታች በምሳሌ እናየዋለን።

መጀመሪያ ሰነዶቹን ሰብስቡ፣ ግን ከማን እንደምትቀበሉ ተጠንቀቁ። የአንድ ወር ፔሮል ከሒሳብ ክፍል ይወሰዳል። ለየሠራተኛው ሒሳብ የገባው ገንዘብ ዝርዝር ግን በቀጥታ ከባንኩ መምጣት አለበት፤ የሒሳብ ሠራተኛው አትሞ የሚሰጣችሁ ወረቀት ያንኑ ፔሮል መልሶ ከማሳየት አያልፍም። የሠራተኛ ዝርዝሩንም ከሰው ሀብት ክፍል ኮምፒውተር አትቀበሉ። ቁም ሳጥኑን አስከፍታችሁ የግል ማህደሮቹን አንድ በአንድ ራሳችሁ መዝግቡ፦ የቅጥር ውል፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የዋስ ወረቀት፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ ካለም ቀኑ። ብዙ ኦዲተር የሚዘናጋው በግብርና በጡረታ ደረሰኝ ነው። «ግብሩ በየወሩ ተከፍሎለታል፣ 7 በመቶና 11 በመቶው ጡረታም ገብቶለታል» ሲባል ሰውየው ያለ ይመስላል። ሆኖም ሁለቱም ማስታወቂያዎች የሚሞሉት ከዚያው ፔሮል ነው፤ ካልተሞሉ ሒሳቡ አይገጥምምና። የሌለ ሠራተኛ ሁልጊዜ ግብሩን በወቅቱ ይከፍላል።

ቀጥሎ ማመሳከር ነው። በስም አታመሳክሩ። ማህደሩ በአማርኛ ተጽፎ ፔሮሉ በላቲን ፊደል ሲሆን አንድ ፀሐይ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ትመጣለች፤ እውነተኛው ክፍተትም በውሸቱ ብዛት ይሸፈናል። በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ወይም በፋይዳ ቁጥር አመሳክሩ። በኤክሴል ላይ የመለያ ቁጥሩ በሲ፣ የባንክ ሒሳቡ በኢ ዓምድ ከሆነ፣ ማህደሩን የመዘገባችሁበትንም ገጽ FILE ብላችሁ ከሰየማችሁት ሁለት ቀመር ይበቃል፦

```
=COUNTIF(FILE!$C$2:$C$400,C2)
=COUNTIF($E$2:$E$213,E2)
```

የመጀመሪያው 0 ካሳየ ያ ስም ማህደር የለውም። ሁለተኛው ከ1 በላይ ካሳየ ሁለት ደመወዝ ወደ አንድ ሒሳብ እየገባ ነው።

ዋናው ሥራ የአካል ቆጠራው ነው። ቀኑን ከኦዲተሮቹና ከሥራ አስኪያጁ በቀር ማንም አይወቅ። ሁሉም ሳይት በአንድ ሰዓት ይቆጠር፤ አለዚያ ጠዋት እዚህ የታየ ሰው ከሰዓት በኋላ ሌላ ሕንፃ ላይ በሌላ ስም ይቆማል። የሌሊት ፈረቃው በዚያው ምሽት ይከተል። ፔሮሉን ለተቆጣጣሪው ሰጥታችሁ «ያሉትን ምልክት አድርግ» አትበሉት። ባዶ ወረቀት ስጡትና በሥሩ የሚሠሩትን ሰዎች ከአእምሮው ይጻፍ። ከዚያ እያንዳንዱ ሠራተኛ መታወቂያውን አሳይቶ ፊታችሁ ይፈርም፤ ፊርማው በኋላ ከቅጥር ውሉ ጋር ይተያያል። ያልተገኘ ሁሉ የሌለ ሰው አይደለም። የወለደች ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊትና በኋላ ባለው ፈቃድ በድምሩ 120 ቀን በሕግ ቤቷ ናት። ፈቃድ ላይ ነው የተባለ ሰው የፈቃድ ደብዳቤው ቀኑ ከቆጠራው በፊት መሆኑ ይታይ፤ ሲመለስም በአካል ይቅረብ።

ለማሳያ ያህል የታሰበ ኤጀንሲ እንውሰድ። ፔሮሉ ላይ 212 ስም አለ። በቆጠራው 193 ሰው ተገኘ፤ 15 ሰዎች ደግሞ ፈቃድ ላይ ናቸው፣ ወረቀታቸውም ደህና ነው። ድምሩ 208 ነው፤ የጎደሉት 4 ብቻ ይመስላሉ። ስም በስም ሲታይ ግን ከ193ቱ አንዱ ጥበቃ ፔሮሉ ላይ የለም፤ ስለዚህ የጎደለው 5 ነው። ከአምስቱ አንዱ ከጥቂት ቀናት በፊት ሥራ ጥሎ የሄደ፣ ተቆጣጣሪውም በባዶ ወረቀቱ ላይ የጻፈው እውነተኛ ሠራተኛ ሆነ። ሦስቱ የተሟላ ማህደር አላቸው፤ ማህደሩ ውስጥ ግን የመልቀቂያ ደብዳቤ ተቀምጧል። አምስተኛው ማህደር የሌለው ነው፤ የባንክ ሒሳቡም ከሌላ ሠራተኛ ጋር አንድ ነው። ያ ፔሮል ላይ የሌለው ጥበቃስ? ከለቀቁት በአንዱ ቦታ የቆመ ነው፤ ተቆጣጣሪው ከለቀቀው ሰው ደመወዝ ላይ ከፊሉን በእጁ ይሰጠዋል። ከፔሮል ወደ ሰው ብቻ የሚሄድ ኦዲት ይህን ሰው አያገኘውም፤ ከሰው ወደ ፔሮል መመለስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የአንዱ ደመወዝ 6,000 ብር ቢሆን፣ በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር 700 ብር ግብርና 420 ብር ጡረታ ተቀንሶ 4,880 ብር ይወጣል። ድርጅቱ የራሱን 660 ብር ጡረታ ይጨምራል። የአራቱ ወጪ በወር 26,640 ብር ነው።

ከምሳሌው ሦስቱ የለቀቁ ሠራተኞች መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ስም መፍጠር ሰነድ መፍጠር ይጠይቃል። የለቀቀን ሰው በሊስቱ ላይ ማቆየት ግን አንድ ደብዳቤ ሒሳብ ክፍል ሳይደርስ እንዲቀር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ የሰውየው የኤቲኤም ካርድ ተቆጣጣሪው እጅ ከቀረ ደግሞ ነገሩ አለቀ። ስለዚህ ጊዜ ካጠራችሁ መጀመሪያ የምታዩት ያለፈውን ዓመት የመልቀቂያ ደብዳቤና የክሊራንስ ቀን ከፔሮሉ ጋር ነው።

«ደመወዝ በባንክ ከሆነ ወዲህ ይህ ቀርቷል፤ ፋይዳም መጥቷል» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። ግማሽ እውነት አለው። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 የመንግሥት ፔሮሏን ከባንክ ባለ ሒሳቦች መለያ ቁጥር ጋር አመሳክራ ወደ 24,000 የሚጠጋ ስም ሰርዛለች። መለያ ቁጥር የተፈጠረን ስምና የተደገመን ሒሳብ ያጋልጣል። የለቀቀው ሰው ግን ፋይዳው እውነተኛ፣ ሒሳቡም የራሱ ነው። ደመወዝ እየተከፈለው ሥራ የማይገባ ዘመድም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለው በቆጠራው ቀን ተጠርቶ ሊቀርብ ስለሚችል ቆጠራው ራሱ ላይይዘው ይችላል፤ የሚይዘው የተረኞች መዝገብ ነው። ወር ሙሉ አንድም ተረኝነት ያልፈረመ ሰው በአካል ቢታይም ጥያቄ ይነሳበታል።

ሌላው ተቃውሞ የሠራተኛ ክብር ነው፤ ቆጠራ እንደ ሌባ መጠርጠር ይመስላል ይባላል። ቆጠራው ከሥራ አስኪያጁ ጀምሮ ሁሉንም ካካተተና በሰው ከጥቂት ደቂቃ በላይ ካልወሰደ ቅሬታው ይቀንሳል። የማይገባው ግን ያልተገኙትን ለመያዝ ተብሎ የሁሉንም ደመወዝ ማዘግየት ነው። ያልተገኙት ከክፍያው ቀን በፊት መታወቂያ ይዘው እንዲቀርቡ በጽሑፍ ይጠሩ። ያልቀረበው ሰው ፋይል፣ የባንክ ዝርዝሩና ስሙን በፔሮሉ ላይ ያስገባው ወይም ያቆየው ሰው ማን እንደሆነ የሚያሳየው መዝገብ ለአስተዳደሩ ይተላለፍ። የመልቀቂያ ደብዳቤው ከሰው ሀብት ክፍል ወጥቶ ሒሳብ ክፍል የደረሰበት የመዝገብ ቤት ቁጥር ከሌለ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከዚያ አይታወቅምና፣ ኦዲተሩ በሪፖርቱ ላይ «አጭበርባሪ» የሚል ቃል አይጻፍ፤ ያየውን ቀንና ቁጥር ብቻ ይጻፍ።